ለአራት እኩል የተካፈለው 480 ሰዓት

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ በአንድ ትንሽ የሶፍትዌር ቢሮ ውስጥ ስሠራ የገጠመኝ ነው። አንድ ማኅበር የመጋዘን መዝገቡን ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር እንድናዞርለት ጠየቀን። ሥራው በዝርዝር ሲገመት 480 ሰዓት ወጣው። ሠራተኞቹ አራት ነን። ሥራ አስኪያጃችን ሒሳቡን እዚያው ቁጭ ብለው ጨረሱት። ለአንድ ሰው 120 ሰዓት፣ በቀን 8 ሰዓት፣ ስለዚህ 15 የሥራ ቀን። ሦስት ሳምንት መሆኑ ነው።

የቡድን መሪያችን አልተቀበለችውም። «ጋሼ፣ 8 ሰዓት ቢሮ መዋላችን እውነት ነው» አለቻቸው። «ግን ይህን ሥራ 8 ሰዓት አንሠራም።»

ዝም ብላ አልነበረም የተናገረችው። ቀደም ባለው ፕሮጀክት ሁላችንም ማታ ማታ አንድ ነገር እንድንጽፍ አድርጋ ነበር፤ ዛሬ ስንት ሰዓት በራሱ በፕሮጀክቱ ሥራ ላይ አጠፋህ? ስብሰባው፣ የደንበኛ ስልኩ፣ መብራት የጠፋበት ጊዜ፣ የሌላውን ሰው ጥያቄ መመለሱ አይቆጠርም። ከዚያ የወጣው ቁጥር ይኸውላችሁ፦ እኔና አንዷ ባልደረባዬ በአማካይ በቀን 5 ሰዓት። መሪዋ 3 ሰዓት፤ የኛን ሥራ ማየትና ደንበኛ ማነጋገር የሷ ድርሻ ነው። አራተኛው ልጅ ደግሞ 2 ሰዓት ብቻ። የድሮ ደንበኞች ሲበላሽባቸው የሚደውሉት ለሱ ነው። ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ እንዲያውም ከሁላችን በላይ ይሯሯጣል።

ሲደመር በቀን 15 ሰዓት ነው። 480 ለ15 ሲካፈል 32 የሥራ ቀን ይመጣል።

ሥራ አስኪያጁን ይበልጥ ያስደነገጣቸው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ሥራው ለአራት እኩል ቢካፈል 32 ቀንም አይበቃም። በቀን 2 ሰዓት ያለው ልጅ 120 ሰዓቱን የሚጨርሰው በ60 ቀን ነው። እኔ በ24 ቀን ጨርሼ እሱን እጠብቃለሁ። ፕሮጀክት የሚያልቀው የመጨረሻው ሰው ሲጨርስ ስለሆነ ድርሻው እንደየሰው ሰዓት መሆን አለበት፤ ለሁለታችን 160 160፣ ለመሪዋ 96፣ ለልጁ 64። ያኔ ሁሉም በ32ኛው ቀን አብሮ ይደርሳል።

እዚህ ላይ ብናቆም ኖሮ ወረቀቱ ያምራል፣ ሥራው ግን እንቢ ይላል። የሪፖርቱ ክፍል ብቻውን 200 ሰዓት ነበር፤ እሱን የምትችለው ያቺ ባልደረባዬ ናት። በቀን 5 ሰዓት ሲሆን 40 ቀን ይፈጅባታል። ሌሎቻችን ቀሪውን 280 ሰዓት በ28 ቀን ብንጨርስም ማስረከቢያው 40ኛው ቀን ነው። ስለዚህ 40 ሰዓት ያህሉን እኔ ወሰድኩላት። ይህም በነጻ አልመጣም። ለማስረዳት 5 ሰዓት ከሷ፣ ለመማር 10 ሰዓት ከኔ ሄደ። ድምሩ 495 ሆነ፣ ቀኑም 33።

ሥራ አስኪያጁ «በዓሉስ?» ሲሉ ጠየቁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከጥር 10 እስከ 12 ድረስ፣ ከከተራ እስከ ሚካኤል፣ በኛ ከተማ ቢሮ ገብቶ ኮድ የሚጽፍ ሰው አይገኝም። አንዳንድ ሰው ግን በዓሉን ፈርቶ የቀኑን ሰዓት ከ5 ወደ 4 ያወርዳል፣ ከዚያ ደግሞ በዓሉን ከካላንደሩ ላይ ይቀንሳል። አንዱን ነገር ሁለቴ መቀነስ ነው። በዓል የሚነሣው ከቀናቱ ቁጥር ነው። የስብሰባና የስልክ ጊዜ የሚነሣው ከቀኑ ሰዓት ነው። ግምቱን ያወጣው ሰው ስብሰባውን በ480ው ውስጥ አስገብቶት ከሆነም አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ እኛ ጋ አልገባም ነበር።

ማኅበሩ ቀኑን ሲሰማ ትንሽ ቢያጉረመርምም ተስማማ።

መሪዋ በ10ኛው የሥራ ቀን ኤክሴሏን ከፈተች። የሦስታችን መሥመር ከእቅዱ ጋር እኩል ነበር። የልጁ ግን 20 መድረስ ሲገባው 4 ላይ ቆሟል። ሰሞኑን የአንድ ደንበኛ ሲስተም እየተበላሸ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ነው። እንዲህ ከቀጠለ የቡድኑ የቀን ሰዓት 15 መሆኑ ቀርቶ ወደ 13 ይጠጋል። ሥራ አስኪያጁ ልጁን አልተቆጡትም። ከሰዓት በፊት የሚመጣውን ስልክ ራሳቸው መቀበል ጀመሩ፣ ሁለት ሰዓቱም ተመለሰችለት። የጎደለው 16 ሰዓት ለቡድኑ የአንድ ቀን ሥራ ገደማ ነው። ርክክቡ በአንድ ቀን እንደሚዘገይ ለማኅበሩ በዚያው ሳምንት ነገርነው።