ቀኑን የቆጠርኩት ከተሳሳተ ቦታ ነበር

የወር አበባዬ በ28 ቀን ይመጣል፤ ቢበዛ አንድ ቀን ይቀድማል ወይም ይዘገያል። ልጅ ለመውለድ ስንሞክር ሦስተኛ ወራችን ነበር። በየጠዋቱ ከአልጋ ሳልነሳ የሰውነቴን ሙቀት እየለካሁ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። እጽፋለሁ እንጂ መለስ ብዬ አላነበውም ነበር፤ ጥፋቴ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

የወር አበባዬ ባየሁ በ25ኛው ቀን ጡቴ ከበደኝ። ጫፉን ልብስ ሲነካው ያመኛል፣ ሆዴ ይነፋል፣ ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ቁጭ ባልኩበት ይጥለኛል። «በቃ አርግዣለሁ» ብዬ ደመደምኩ። ማታውኑ መመርመሪያ ገዝቼ ሞከርኩ፤ አንድ መስመር ብቻ ታየ። አላመንኩም። ሰውነቴ እየነገረኝ ወረቀቷ ልታስተባብል ነው?

ሰውነቴ የሚነግረኝ ሌላ ነገር እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው። እንቁላል ከወጣ በኋላ ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን በየወሩ ከፍ ይላል፤ ፅንስ ኖረም አልኖረም። ጡት የሚያሳምመው፣ ሆድ የሚነፋው፣ የሚያደክመው እሱ ነው። ስለዚህ የወር አበባ ከመቅረቱ በፊት ባለው ሳምንት ውስጥ ያረገዘችውና ያላረገዘችው ሴት ሕመማቸው ያው ነው። ማቅለሽለሹ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው የወር አበባ ከቀረ በኋላ ነው፤ እኔን የጀመረኝ በ6ኛው ሳምንት ገደማ ነበር። የወር አበባ የሚመጣበት ቀን ሲደርስ ጠብታ ደም የሚያዩ አሉ፤ ግን የወር አበባ መጀመሪያም ሊሆን ስለሚችል ብቻውን ምንም አይነግርም። እኔ ጭራሽ አላየሁም።

በ29ኛው ቀን የወር አበባዬ አልመጣም። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ሽንቴ እንዲመጣልኝ ብዬ ሁለት ትልልቅ ብርጭቆ ውኃ ጠጥቼ ሞከርኩ። በ5 ደቂቃ አየሁት፤ መመርመሪያው መሥራቱን የሚያሳየው የመቆጣጠሪያው መስመር ብቻ አለ። አስቀምጬው ሄድኩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሼ ሳየው ሁለተኛ መስመር ተፈጥሯል! ታላቅ እህቴ ጋ ደወልኩ።

«ቀለሙ ምን ይመስላል?» አለችኝ፤ እንኳን ደስ አለሽ እንኳ ሳትል።

«ግራጫ ነገር።»

«ሽንቱ ሲደርቅ ነው እንዲህ የሚያደርገው። ቀለም ያለው ነው መስመር የሚባለው፤ ያውም በጊዜው የታየው። በይ ጣይው።»

እውነቷን ነበር። ማሸጊያው ላይ ውጤቱ በስንት ደቂቃ እንደሚነበብ ተጽፏል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ነው፣ ከ10 ደቂቃ ወዲያ የታየው አይቆጠርም። እውነተኛው መስመር ቢደበዝዝም እንኳ የመቆጣጠሪያውን ቀለም ይይዛል፤ ያ ሮዝ ከሆነ ይሄም ሮዝ ነው፣ ውፍረቱም ያው ነው። የኔው ቀጭን የጥላ ጭረት ነበር። የመቆጣጠሪያው መስመር ራሱ ካልታየ ደግሞ መመርመሪያው አልሠራም ማለት ነው፤ ውጤቱም ውጤት አይባልም።

በ31ኛው ቀን ጠዋት በመጀመሪያው ሽንት ደገምኩት። አሁንም አንድ መስመር። የወር አበባ ቀርቷል፣ ምርመራው ደግሞ የለም ይላል። ያን ዕለት ነው ደብተሬን የገለጥኩት።

ከ9ኛው እስከ 12ኛው ቀን ያለው መዝገብ ትኩሳት ነው፤ ጉንፋን ይዞኝ ተኝቼ ነበር። 17ኛውና 18ኛው ቀን ላይ በገዛ እጄ «እንደ እንቁላል ነጭ የሚለጠጥ ፈሳሽ» ብዬ ጽፌያለሁ፤ ይህ እንቁላል ሊወጣ ሲል የሚታይ ነው። ከ20ኛው ቀን ጀምሮ ሙቀቴ፣ እንቁላል ከወጣ በኋላ እንደሚሆነው፣ በ0.3 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ እዚያው ቀርቷል። ይህ ሁሉ አንድ ነገር ነው የሚለው፦ እንቁላሉ የወጣው እኔ እንዳሰብኩት በ14ኛው ቀን ሳይሆን በ19ኛው ገደማ ነው። ሕመም እንቁላል የሚወጣበትን ቀን ሊያዘገይ ይችላል። የወር አበባዬ ገና አልቀረም ነበር፤ ቀኑ ነው የተገፋው።

ምርመራው የሚፈልገው ኤችሲጂ የሚባለውን ሆርሞን ነው። ይህ ሆርሞን ደግሞ ደምና ሽንት ውስጥ መታየት የሚጀምረው ፅንሱ ማኅፀን ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ በኋላ ነው። መጣበቁ እንቁላል ከወጣ ከ6 እስከ 12 ቀን ይወስዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 10 ባለው ይሆናል። ከዚያ መጠኑ በየሁለት ወይም ሦስት ቀኑ በእጥፍ ያድጋል። ብዙዎቹ የቤት መመርመሪያዎች በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት ውስጥ 25 ሚሊ ዩኒት ያህል ሲደርስ ያገኙታል።

እንግዲህ የኔን ሂሳብ በግምት እንሥራው። በ29ኛው ቀን እንቁላሉ ከወጣ 10 ቀን ነው፤ ሆርሞኑ 6 ቢሆን ያውም ውኃ ጠጥቼ ያቀጠንኩት ነው። በ31ኛው 12 ይሆናል፣ አሁንም አይታይም። በ33ኛው 24፤ ጠርዙ ላይ። በ35ኛው 48። በ25ኛው ቀን የሞከርኩት ደግሞ እንቁላሉ ከወጣ በ6ኛው ቀን ነበር፤ ገና የሚለካ ነገር ሳይኖር።

በ33ኛው ቀን ጠዋት በአራተኛው ደቂቃ ስስ ሮዝ መስመር ወጣ። ባለቤቴ መስኮቱ ጋ ይዞት ሄዶ «እኔ ምንም አይታየኝም» አለ፤ እኔ ግን አይቻለሁ። በ35ኛው ቀን እሱም አየ።

ስለዚህ አሁን ለሚጠይቀኝ የምለው ይህ ነው። እንቁላል የወጣበትን ቀን የምታውቅ ከዚያ 14 ቀን ትቁጠር፤ ሁለት ቀን ብትጨምር ደግሞ ይበልጥ ታምነዋለች። የወር አበባዋ የሚዛባባትና ቀኑን የማታውቅ ከመጨረሻው ግንኙነት 21 ቀን ጠብቃ ትመርመር። የለም ካለና የወር አበባም ካልመጣ ከ3 ቀን በኋላ መድገም ነው፤ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ መሞከር ገንዘብ ማባከን ብቻ ነው። ለመካንነት ሕክምና እንቁላል የሚያስወጣ የኤችሲጂ መርፌ የወሰደች ግን እስከ ሁለት ሳምንት ድረስ መርፌው ራሱ «አለ» ሊያሰኝባት ስለሚችል ሐኪሟ የሚሰጣትን ቀን ትጠብቅ።

አለ ተብሎም ከቀናት በኋላ የወር አበባ የሚመጣበት ጊዜ አለ። መመርመሪያው አልዋሸም፤ እርግዝናው ገና ሲጀመር ተቋርጦ ነው። በጣም ቶሎ የሚመረመር ሰው ይህን ሐዘን ያየዋል፤ የዘገየ ግን «የወር አበባዬ ትንሽ ቆየ» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ይህን ባውቅ ኖሮ በ25ኛው ቀን አልጣደፍም ነበር። በአንድ በኩል ብቻ የሚወጋ ከባድ የሆድ ሕመም፣ የትከሻ ጫፍ ሕመም፣ ራስን መሳት ወይም ደም ካለ ግን ምርመራው ምንም ይበል ምን ቀን አይቆጠርም፤ ፅንሱ ከማኅፀን ውጭ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ወደ ሐኪም ነው።

ከወር በኋላ አልትራሳውንድ ስነሣ የምታየኝ ባለሙያ ፊቷን ቋጠረች። «በመጨረሻው የወር አበባሽ ሲቆጠር 8 ሳምንት ከ3 ቀን መሆን ነበረበት፤ ይሄ 5 ቀን ያንሳል» አለችኝ። ባለቤቴ እጄን ያዘ። እኔ ደብተሩን ከቦርሳዬ አውጥቼ 19ኛውን ቀን አሳየኋት፤ ከ14 ላይ 5 ቀን። አይታ ሳቀችና የመውለጃዬን ቀን በ5 ቀን ገፍታ ጻፈችው።