የፋሲካው በግና ሦስቱ ፕሮፎርማዎች

የምሠራበት ድርጅት የጽዳት ዕቃ እያመረተ ያከፋፍላል። የሠራተኞች የሥነ ምግባር ደንብ የሚያረቅ ኮሚቴ ሲቋቋም ከሰው ኃይል እኔ ተመደብኩ። ከግዥ፣ ከፋይናንስና ከሾፌሮችም አንድ አንድ ሰው ገባ።

ለመነሻ የተሰጠን ረቂቅ ከአንድ የውጭ ድርጅት የተገለበጠ ነበር። ስለ ስጦታ የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ከ50 ዶላር በላይ የሚያወጣ ስጦታ መቀበል ክልክል ነው። የፋይናንሷ ልጅ ሳቀች። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ደንቡ ያኔ ቢኖረን ኖሮ ማንም ሳይነካው የስጦታው ጣሪያ በብር ሲሰላ ወደ እጥፍ ሊጠጋ ነበር። በብር ብንጽፈው ደግሞ በየዓመቱ ዶሮ እንኳ የማይገዛ ይሆናል።

ከግዥ የመጡት ጋሼ እስከዚያ ዝም ብለው ነበር። "ለፋሲካ የካርቶን አቅራቢው ቤቴ ድረስ በግ ልኮብኛል" አሉ። "እኔ ስደርስ ዘበኛው ተቀብሎታል፣ ልጆቹም ስም አውጥተውለታል። ምን ልበል? መልሱት ልበል?"

"ጋሼ፣ የካርቶን ውሉ መቼ ነው የሚያልቀው?" አልኳቸው።

"በሚቀጥለው ወር።"

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የበጉን ዋጋ ብንጠይቅ የትም አንደርስም። መጠየቅ ያለበት የላኪው ፋይል አሁን ጠረጴዛህ ላይ አለ ወይ የሚለው ነው። ስለዚህ እንዲህ ብለን ጻፍነው። ጨረታ ላይ ካለ፣ ውሉ ሊታደስ ከተቃረበ ወይም ያልተከፈለ ደረሰኝ ካለው አቅራቢ ከካላንደርና ከቡና ግብዣ ያለፈ ነገር አይወሰድም። ያልተከፈለ ደረሰኝ የሚለውን ያስገባችው የፋይናንሷ ልጅ ናት። ክፍያ የሚያዘገይ ሰው ጋ ስጦታ እንደሚበዛ ታውቃለች። ከሌላ ሰው የመጣ የበዓል ስጦታ መዝገብ ላይ ይጻፋል። ጥሬ ገንዘብ፣ በባንክ የተላከ ብርና የሞባይል ካርድ ግን መጠኑ ምንም ይሁን ምን አይነካም። ሊመለስ የማይችል ነገር ለሠራተኞች በጋራ ይውላል፤ ለላኪውም የምስጋና ደብዳቤ ከደንቡ ቅጂ ጋር ይሄድለታል። በጉ የሠራተኞች ምሳ ሆነ። የጋሼ ልጆች እስከ ዛሬ አኩርፈውኛል አሉ።

የጥቅም ግጭት ላይ ስንደርስ የፋይናንሷ ልጅ የአንድ ፒካፕ ጥገና ፋይል አመጣች። ሦስት ጋራዦች፣ ሦስት ማኅተም፣ ሦስት ፕሮፎርማ። ለዓይን ንጹሕ ነው። ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው ግን የመለዋወጫው ዝርዝር በሦስቱም ላይ በአንድ ቅደም ተከተል ነው፤ ፍሪሲዮን የሚለው ቃልም በሦስቱም ላይ በአንድ ዓይነት ስህተት ተጽፏል። የሁለቱ ተሸናፊዎች ዋጋ እያንዳንዱ መስመር ላይ ከአሸናፊው በ8 እና በ12 በመቶ ይበልጣል። እውነተኛ ጋራዥ አንዱን ዕቃ አስወድዶ ሌላውን ያረክሳል እንጂ ሁሉንም በእኩል በመቶኛ አይጨምርም።

ጥገናውን ጠይቆ ፕሮፎርማዎቹን የሰበሰበው የስምሪት ኃላፊ ሲጠየቅ "የአሸናፊው ጋራዥ ባለቤት ዘመዴ አይደለም" አለ። እውነቱን ነው። ሰውዬው ልጁን ክርስትና ያነሳለት ነው። ረቂቃችን የሚያውቀው የሥጋና የጋብቻ ዝምድናን ብቻ ነበር። እኛ የክርስትና ዝምድናን፣ ሚዜን፣ የንግድ ሸሪክንና የገንዘብ አበዳሪን ጨመርን። ዕድርም ይግባ የሚል ነበር፤ እኔ ተቃወምኩ። ዕድር ከገባ ፕሮፎርማ የሚሰበስብ ሰው አናገኝም።

ትውውቅ መኖሩ ጥፋት አይደለም። አስቀድሞ ቅጽ ይሞላል፣ ሰውየው ከግምገማው ይወጣል። ከሁሉም የጠቀመን ግን ዕቃውን ወይም ጥገናውን የጠየቀ ሰው ፕሮፎርማ አይሰበስብም የሚለው መስመር ነው። ጥገናውማ ደህና ነበር፤ መኪናው እስካሁን ይሠራል።

ሥራ አስኪያጁ ግን ጉዳዩን "ከበዓል በኋላ እናየዋለን" ብለው አቆዩት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪ ያለ ማስጠንቀቂያ ለማሰናበት የሚያበቃ ጥፋት ካወቀ በኋላ 30 የሥራ ቀናት ካለፉ ያ መብቱ ይቀራል። አለፉ። የስምሪት ኃላፊው ወደ መጋዘን ተዛወረ። ደንቡ ላይም ጥፋት ያወቀ ማንኛውም አለቃ በ3 ቀን ውስጥ ለሰው ኃይል በጽሑፍ ያሳውቃል የሚል ገባ።

የድርጅቱ ንብረት ቀላል ይሆናል ብዬ ነበር። ላፕቶፕና ስልክ ቶሎ አለቁ። መኪናው ላይ ሾፌሩ እጁን አወጣ።

"ለቅሶስ?"

በፈቃድ ወረቀት ይኬዳል፤ ሲወጣም ሲገባም ኪሎ ሜትር ይመዘገባል አልን።

"ሌሊት ጎረቤቴ ምጥ ቢይዛትስ? ማንን ነው የማስፈርመው?"

መጀመሪያ ያድርሳት፤ ጠዋት ቢሮ ሲገባ ይጻፍ ብለን አለፍነው።