ጎበዞቹ የሳቱት ጥያቄ

ፈተና ታርሞ ውጤት ከተለጠፈ በኋላ ጥያቄዎቹን ዞር ብሎ የሚያያቸው የለም። ከጥያቄ ባንክ ወጥተው ወደ ጥያቄ ባንክ ይመለሳሉ። በማዋለድና የእናቶች ጤና ኮርስ ፋይናል ላይ ግን እያንዳንዱ ጥያቄ ሥራውን መሥራት አለመሥራቱን ለማየት አይተም አናሊሲስ ሠራሁ። ከሁሉም በላይ ያስተማረኝን አንድ ጥያቄ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የ60ዎቹን ተማሪዎች የመልስ ወረቀት በጠቅላላ ውጤታቸው ከላይ ወደ ታች ደረደርኩ። ከላይ 27 በመቶ፣ ከታች 27 በመቶ ወሰድኩ። 16 ከላይ፣ 16 ከታች ማለት ነው። የ27 በመቶው ልማድ የመጣው ትሩማን ኬሊ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1939 ካሳተመው ጥናት ነው። ሁለቱ ቡድኖች በደንብ እንዲራራቁም፣ በቂ ሰው እንዲኖራቸውም ያስችላል።

ከዚያ ሒሳቡ ቀላል ነው። የክብደት መጠን ለማግኘት፣ ከሁለቱም ቡድን በትክክል የመለሱትን ደምሮ ለ32 ማካፈል ነው። ስሙ እንዳያሳስታችሁ፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር ጥያቄው ቀላል ነው። ጥያቄው ጎበዙን ከደካማው የመለየት አቅም ደግሞ ከላይኛው ቡድን የመለሱት ላይ ከታችኛው የመለሱትን ቀንሶ ለ16 ማካፈል ነው። 0.40 እና ከዚያ በላይ በጣም ጥሩ ይባላል። ከ0.20 በታች የሆነ ጥያቄ ደግሞ መታየት አለበት።

ያ ጥያቄ እንዲህ ይል ነበር፦ «አንዲት እናት ከወለደች በኋላ ብዙ ደም እየፈሰሳት ነው። ማህፀኗ ልል ነው። መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?» አማራጮቹ፦ ሀ. ማህፀኗን ማሸት፣ ለ. ኦክሲቶሲን መስጠት፣ ሐ. እርዳታ መጥራት፣ መ. የደም ግፊቷን መለካት። ቁልፉ «ሀ» ነው።

ከላይኛው ቡድን «ሀ»ን የመረጡት 6 ብቻ ናቸው። ከታችኛው 9። የክብደት መጠኑ 0.47 ስለሆነ፣ ይህን ብቻ ላየ ሰው ጥያቄው መካከለኛና ደህና ይመስላል። የመለየት አቅሙ ግን ከዜሮ በታች ወረደ፦ -0.19። ደካማው ከጎበዙ በልጦ እየመለሰ ነው ማለት ነው።

እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቁልፉ ነው። ከማስተማሪያው ጋር አመሳከርኩት፤ የተጻፈው ልክ ነው። ቀጥሎ የታየው እያንዳንዱ አማራጭ ስንት ሰው እንደሳበ ነው። ምስጢሩ የወጣው እዚህ ላይ ነው። ከላይኞቹ 16 ዘጠኙ «ሐ»ን መርጠዋል። ከታችኞቹ «ሐ»ን የመረጡት 2 ናቸው።

ከጎበዞቹ አንዷን ጠርቼ ጠየቅኳት። «መምህር፣ ብቻዬን ከሆንኩ መጀመሪያ ሰው ነው የምጠራው። ተግባር ልምምድ ላይ ያስተማራችሁን እንደዚያ ነው» አለች። እውነቷን ነው። በድንገተኛ የወሊድ ሕክምና ስልጠና ቅድሚያ የሚሰጠው እርዳታ መጥራት ነው፤ ማሸቱም ኦክሲቶሲኑም ከዚያ ይከተላል። ጥያቄው አዋላጇ ብቻዋን ትሁን ከሰው ጋር አይናገርም። «ልል ማህፀን ሲባል ማሸት» ብሎ የሸመደደ አገኘው፤ ክፍሉ ውስጥ ቆሞ እንደሚሠራ ያሰበ ሳተው።

ለዚያ ዓመት ተማሪዎች «ሀ»ንም «ሐ»ንም ትክክል አድርገን ውጤቱን አስተካከልን። ይህን ከመለጠፉ በፊት ማድረግ ነበር የሚሻለው፤ አሁን ትንተናው የሚሠራው ከመለጠፉ በፊት ነው።

ጥያቄውን ስናሻሽል እውቀቱን አልነካነውም፤ ሁኔታውን ነው የዘጋነው። «እርዳታ ጠርተሻል፣ ባልደረባሽ ኦክሲቶሲን እየሰጠች ነው። የእንግዴ ልጁ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል። ማህፀኗ ልል ነው። አንቺ አሁን ምን ታደርጊያለሽ?» አማራጮቹንም ቀየርናቸው፦ ማህፀን ማሸት፣ የማህፀን በር መቀደዱን መፈለግ፣ እጅ አስገብቶ የእንግዴ ልጅ ቅሪት ማውጣት፣ የደም መርጋት ምርመራ መላክ። አራቱም የደም መፍሰስ ምክንያቶችን የሚነኩ ስለሆኑ፣ ምክንያቱን የማይለይ ተማሪ ይሳባል። በሚቀጥለው ባች ከላይኞቹ 15፣ ከታችኞቹ 8 መለሱት። የክብደት መጠኑ 0.72፣ የመለየት አቅሙ 0.44 ሆነ።

ግን ቁጥሩ ዝቅ ያለ ሁሉ አይጣልም። ደም ከመስጠት በፊት የታካሚውን ማንነት ስለማረጋገጥ የሚጠይቅ ጥያቄ ነበረን። ከ32ቱ 31ዱ መልሰውታል፤ የመለየት አቅሙ 0.06 ነው። ሁሉም ከመለሰው መለያየት የሚችልበት ቦታ የለም። ይህን ማንም ነርስ መሳት ስለሌለበት ሳንነካው አቆየነው።

ሌላም የማልረሳው ነገር አለ። በ16 ሰው ቡድን አንድ ተማሪ መልሱን ቢቀይር የመለየት አቅሙ በ0.06 ገደማ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ 0.19ን ጥሎ 0.25ን ማሳለፍ አይገባም። እንዲህ ዳር ላይ ያሉትን ምልክት አድርጌባቸው ለሚቀጥለው ባች አቆያቸዋለሁ። ከዜሮ በታች የወረደውን ግን በዚያው ቀን ከባልደረቦቼ ጋር ቁጭ ብለን እናየዋለን።