የጡቡ ቁጥር

ስብከት ሳዘጋጅ ከሁሉ ይልቅ ጊዜ የሚወስድብኝ መግቢያው ነው። እዚህ ጅማ የማገለግልበት ጉባኤ አብዛኛው ሰው ልብስ ስፌት ፋብሪካ የሚሠራ ወጣት ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ በሰዓት ሲለካ ከርሞ እሑድ የሚመጣ ሰው የማይመለከተውን ወሬ ብዙ አይታገሥም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች ካላገኘሁት ቀሪውን ግማሽ ሰዓት ለራሴ እሰብካለሁ።

ያን ሰሞን የተመደበልኝ ክፍል ዘፀአት 5 ነበር። ፈርዖን ገለባውን ከልክሎ የጡቡ ቁጥር ግን እንዳይጎድል ያዘዘበት ምዕራፍ ነው። ይህን ክፍል የሚሰብኩ ብዙዎች «ሁላችንም ሸክም አለብን፤ ጌታ ግን ሸክምን ያቀልላል» ብለው ይጀምራሉ። ምዕራፉ ግን እንዲህ አይልም። ሲያልቅ ሸክሙ ከመጀመሪያው ይልቅ ከብዷል፤ ሙሴም ለምን ላክኸኝ ብሎ እግዚአብሔርን ይጠይቃል። መግቢያው ዕረፍትን ቃል ከገባ ንባቡ ራሱ ሰባኪውን ያፈርሰዋል።

ስለዚህ የፈለግሁት ማንኛውንም ጭንቀት አልነበረም። የሚሠሩበት ነገር ተቀንሶ የሚጠየቁት ሳይቀነስ የሚቀርበትን ጭንቀት ነበር። ረቡዕ ከጸሎት በኋላ የስፌት መስመር ተቆጣጣሪ የሆነችን አንዲት እኅት «በሥራሽ የሚያስጨንቅሽ ምንድን ነው?» አልኋት። «የኑሮ ውድነት ነው፣ ወንጌላዊ» አለችኝ። እውነት ነው፤ ግን ሰው ሁሉ የሚመልሰው መልስ ነው። እኔም ጥያቄውን ለወጥሁት፤ «ትናንት የጨነቀሽ ስንት ሰዓት ላይ ነበር?»

«አራት ሰዓት ላይ» አለች ወዲያው።

ከዚያ በኋላ ማቆም አልቻለችም። በመስመሩ ጫፍ ሰሌዳ አለ፤ በየሰዓቱ የሚጠበቀውና የተሠራው ቁጥር ጎን ለጎን ይጻፍበታል። ትናንት ከቆረጣ ክፍል የሸሚዝ ኮሌታ ዘገየ፤ ልጆቹ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። የሚጠበቀው 60 ግን 60 ሆኖ ቀረ፤ የጎደለውም በሚቀጥለው ሰዓት ላይ ተደመረ። «ኃላፊው የሚጠራው እኔን ነው። ስመለስ ልጆቹን አጣድፋለሁ፤ እነርሱም ያኮርፉኛል።»

ቁጥር 14ን ከፍቼ ሰጠኋት። የፈርዖን አስገባሪዎች በሕዝቡ ላይ የሾሟቸው የእስራኤል ልጆች አለቆች፣ ቁጥሩ ጎደለ ተብሎ የተገረፉበት ቦታ ነው። አንብባ «በመጨረሻ ማን ደረሰላቸው?» አለችኝ።

«በዚህ ምዕራፍ ማንም» አልኋት።

ያን ሌሊት የጻፍሁት መግቢያ ይህ ነው፦ «አራት ሰዓት ነው። ማሽኑ ይሠራል፣ መብራት አለ፣ ሠራተኛው በቦታው ነው። የሚሰፋው ግን አልመጣም። ሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር ይህን አያውቅም። ከሰሌዳው አጠገብ የቆመችው ሴት ታውቃለች፤ ‹ለምን ጎደለ?› የምትባለውም እርሷ ናት። ከላይ ትጠየቃለች፣ ከታች ትወቀሳለች። በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ እርሷ የቆመችበት ቦታ ላይ የቆሙ ሰዎች አሉ። ዘፀአት 5ን እንክፈት።» ኮሌታውን ከመግቢያው ትቼዋለሁ፣ 60ንም ትቼዋለሁ። ፈቃዷን ብትሰጠኝም የዚያው ፋብሪካ ሰዎች ጉባኤው ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ሰኞ ጠዋት የሚጠየቀው ሰባኪው አይደለም።

ቅዳሜ ወረቀቱን ያዩ አንድ ሽማግሌ አልተስማሙም። «አሠሪውን ፈርዖን አደረግኸው» አሉኝ። «ጋሼ፣ ፈርዖን የሚል ቃል አለበት?» አልኋቸው። «የለም፤ ሰው ግን ይሰማዋል። ፋብሪካውን በር ላይ ትተን ብንገባ ይሻላል።»

ይህ አባባል እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። በመግቢያው ውስጥ ክፉ ሰው አልፈለግሁም። ፈርዖንን ፊት ለፊት ባቆመው ኖሮ ጉባኤው ሁሉ ተበዳይ ሆኖ ይቀመጥ ነበር፤ በሌላው ላይ መፍረድም ቀላል ይሆን ነበር። በመካከል የቆሙትን አለቆች የመረጥሁት እነርሱ ሁለቱንም ስለሆኑ ነው፤ ይገረፋሉ፣ ያስገድዳሉም። ፋብሪካውን በር ላይ ትተን ብንገባ ያቺ እኅት ምኗን ይዛ ትገባለች? ገበሬ ስለ ዝናብ ሲጸልይ እርሻህን በር ላይ ተው ያለው ሰው አላውቅም። ለሽማግሌው ይህን በአክብሮት ነገርኋቸው፤ እሑድም መግቢያውን አንድ ቃል ሳልለውጥ አነበብሁት።

ስብከቱን የጨረስሁት 6፥1 ላይ ነው፤ እግዚአብሔር ለሙሴ አሁን ታያለህ የሚለው ቃል ላይ። ከዚያ አላለፍሁም።

ከጉባኤው በኋላ አንድ ሰው ወደ ጎን ጠራኝ። በቆረጣ ክፍል ኃላፊ መሆኑን አላውቅም ነበር። «ወንጌላዊ፣ የሚሰፋው ለምን እንደሚዘገይ ጠይቀው ያውቃሉ?» አለኝ። ጨርቁ እርሱም ጋ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው፤ እርሱም የራሱ ሰሌዳ አለው። ቆመን ብዙ አወራን። ያቺ እኅት ከመቀመጫዋ ተነሥታ መጣችና እርሱን «ማክሰኞ ዕለት ቢነግሩኝ ኖሮ» አለችው። ከዚያ በኋላ የተነጋገሩት የእነርሱ ነው፤ እኔ ራቅሁላቸው።