የካሸር ማስታወቂያ

ለሱቃችን ካሸር እንፈልጋለንና ዛሬ ማስታወቂያውን በሰፈራችን የቴሌግራም ቡድን ላይ ለጠፍኩ። ጽሑፉ አጭር ቢሆንም የደመወዙ መስመር ብዙ አነጋግሮናል። ሸሪኬ እንደ ተለመደው «ደመወዝ በስምምነት» ብለን እንድናልፈው ፈልጎ ነበር፤ እኔ ግን ይህ አጻጻፍ 12 ሺህ የሚጠብቀውንም በ7 ሺህ የሚስማማውንም አንድ ላይ ጠርቶ ቃለ መጠይቁን የዋጋ ክርክር ያደርገዋል ብዬ ተከራከርኩ።

የመደብነው 9,000 ብር ነው፤ ይሁንና ይህን ቁጥር ብቻ ጽፎ መተው አመልካቹን ማሳሳት ይሆናል። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራበት የደመወዝ ግብር ስሌት የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነፃ ሲሆን፣ ቀጣዩ 2,000 ብር 15 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ያለው 3,000 ብር 20 በመቶ፣ የቀረው 2,000 ብር ደግሞ 25 በመቶ ይከፈልበታል፤ ድምሩ 1,400 ብር ነው። የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ፣ ማለትም 630 ብር፣ ሲቀነስ በእጁ የሚደርሰው 6,970 ብር ይሆናል። እኛ በአሠሪነታችን የምንጨምረው 11 በመቶ ከእርሱ ደመወዝ ስለማይነካ በማስታወቂያው አልጠቀስኩትም። ስለዚህ «ያልተጣራ ደመወዝ 9,000 ብር፤ ግብርና ጡረታ ተቀንሶ 6,970 ብር» ብዬ ጻፍኩ።

የሥራ ሰዓቱም ከደመወዙ ጋር የተያያዘ ነው። በድሬዳዋ ሙቀት ምክንያት ሱቃችን ቀትር ላይ ይዘጋል፤ ሥራው ከጠዋቱ 2 እስከ 6፣ ከዚያም ከቀኑ 10 እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ነው። በሳምንት ስድስት ቀን ሲሠራ ሕጉ ከፈቀደው 48 ሰዓት ባያልፍም፣ ከሳቢያን ወደ ከዚራ ለሚመላለስ ሰው የባጃጁ ወጪ እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ ሰዓቱን ሳላሳጥር በዝርዝር አስቀመጥኩት።

ተግባሩን «የገንዘብ መሰብሰብ ሥራ» ብሎ ማለፍም አልወደድኩም። ደረሰኝ ከማሽን መቁረጥ፣ በስልክ የተላለፈ ክፍያ በደንበኛው ስክሪን ላይ ሳይሆን በሱቁ ሒሳብ መግባቱን ማረጋገጥ፣ ማታ የማሽኑን ሪፖርት ከካዝናው ጋር ማመሳከር የሚሉትን ጻፍኩ። ከአማርኛ በተጨማሪ ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ መናገር እንደሚያስፈልግም ጠቀስኩ፤ ዋስ ማቅረብ ግዴታ መሆኑን ያስቀደምኩት ደግሞ ተያዥ የሌለው ሰው በከንቱ እንዳይደክም ነው።

ማመልከቻው የትምህርትና የሥራ ልምድ ማስረጃ ቅጂ ይዞ በአካል ሱቁ መምጣት ብቻ ነው፤ ለምዝገባ የሚከፈል ገንዘብ አለመኖሩንም ገለጽኩ፤ በቡድኖች ውስጥ «የፎርም» እያሉ ገንዘብ የሚሰበስቡ አታላዮች አሉና። ማስታወቂያው ወደ ሌላ ቡድን ከተላለፈ በኋላ ዋናውን ባስተካክለውም የተላለፈው ቅጂ ስለማይለወጥ፣ «በአንድ ሳምንት ውስጥ» ከማለት ይልቅ የመዝጊያውን ቀን፣ ወርና ዓመተ ምሕረት ሙሉ በሙሉ ጻፍኩ።