«ይግቡ» እና «ግቢ»

ዛሬ ጠዋት እቴቴ ቤት ስደርስ «ይግቡ» አለችኝ። «ግቢ» አላለችም። ጫማዬን ሳላወልቅ፣ ገና በረንዳው ላይ እንደቆምኩ ገባኝ፤ ዛሬ እንግዳ ነኝ።

እቴቴ አያቴ ናት፣ የአባቴ እናት። 84 ዓመቷ ነው። ጅማ ውስጥ ከአክስቴ ጋር ነው የምትኖረው። የመርሳት በሽታ እንዳለባት ከተነገረን ሦስት ዓመት አልፏል። ሦስት ዓመት ሙሉ ግን ማወቅ አለማወቋን የምንለካው በተሳሳተ ነገር ነበር፤ በሰላምታዋ።

የእኛ ሰላምታ እኮ ሰውየውን ሳያውቁት ከዳር እስከ ዳር የሚወጡት ነገር ነው። «ደህና ነሽ ወይ? ቤተሰብ ደህና? ልጆቹስ? አገሩ ሰላም ነው? ዝናቡ እንዴት ነው?» መልሱም የታወቀ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እቴቴ ይህን ሁሉ አንድም ሳታሳስት ትለዋለች። ጎረቤት የሆኑ የኦሮሞ እናት ሲመጡም «አከም ጅርቱ» ብላ ትቀጥላለች። እዚህ ያደገ ሰው ሁለቱንም ከልጅነቱ ነው የያዘው። ስለዚህ የሚጠይቃት ዘመድ ሁሉ «ኧረ ደህና ናት፣ ጥሩ አድርጋ አወቀችኝ» እያለ ይወጣል። ልጅ ሆኖ የተያዘና ዕድሜ ልክ የተደጋገመ ነገር መጨረሻ ላይ ነው የሚሄደው። የትናንቱ እንግዳ፣ የልጅ ልጅ መልክ፣ ያ ቀድሞ ይሄዳል።

መለኪያው አንቺና እርስዎ ነው። ይህን ያስተዋለችው አክስቴ ናት። እቴቴ «አንቺ» ካለችሽ በጭንቅላቷ ውስጥ የሆነ ቦታ አለሽ፤ ማን እንደሆንሽ በትክክል ባታውቅም የቤት ሰው ነሽ። «እርስዎ» ካለችሽ ግን የማታውቂያት ጨዋ ሴትዮ በረንዳዋ ላይ እያስተናገደችሽ ነው።

ባለፈው ጥር የሠራሁትን አልረሳም። ከአዲስ አበባ ሌሊት ተነስቼ ስደርስ በሩ ላይ ጀርባዬን ለፀሐዩ ሰጥቼ ቆምኩ። እሷ ያየችው መልክ የሌለው ጥቁር ነገር መሆን አለበት። ከዚያ ሮጬ ከጎን አቅፌ ጉንጮቿን ሳምኳት። ደነገጠች። እጇ የሄደው ወደ ነጠላዋ ጫፍ ነው፤ ብር የምትቋጥርበት። ሌባ የመጣ መስሏት እንደሆነ ያን ጊዜ አልገባኝም። አጎቴ ደግሞ ከሶፋው ላይ ሆኖ ተቀበለኝ፤ «እስቲ እቴቴ፣ ይህቺ ማናት? ስሟን ጥሪ!»

መቼም ይህን የማያደርግ ዘመድ የለም። ለየሽኝ? እኔ ማነኝ? እንዴት ትረሺኛለሽ? በፍቅር ነው፤ ፈተና ግን ፈተና ነው፤ ሰው የሞላበት ሳሎን ውስጥ። እቴቴ ሳቀች። «እንዴት አላውቃትም!» አለችና ነጠላዋን አፏ ላይ ሳብ አደረገች። ስም አልጠራችም። ትንሽ ቆይታ ለአክስቴ በሹክሹክታ፣ ለእኔ ግን እየተሰማኝ፣ «እንግዳዋ ማን ናቸው? ቡና አፍሉላቸው እንጂ» አለቻት። ጓሮ ወጥቼ አቮካዶው ሥር አለቀስኩ። ያስለቀሰኝ መርሳቷ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ያ ሳቅ ነው። ሰው ፊት አዋረድናት።

ነርስ የሆነች ጓደኛዬን ማታውኑ ደውዬ ጠየቅኳት። የነገረችኝ ብዙ አልነበረም። ከፊት ለፊት ሂጂ፣ ብርሃኑ ፊትሽ ላይ ይሁን፣ ከዓይኗ ከፍ አትበይ፣ ቴሌቪዥን ካለ ዝጊ። ስምሽን ራስሽ ተናገሪ እንጂ አታስገምቻት። ተናግረሽም ዝም በይ፤ በልብሽ እስከ አሥር ቁጠሪ። ቃሉ እስኪደርሳትና መልስ እስክታገኝለት ጊዜ ይወስድባታል፤ ከመሀል ደግመሽ ከጠየቅሽ ከዜሮ ያስጀምራታል።

የመጨረሻው ለእኔ ከባድ ነው። እኛ ቤት ዝምታ ነውር ነው የሚመስለው።

ዛሬ ግን እንደዚያ አደረግኩ። «ይግቡ» ስትለኝ ጫማዬን አውልቄ በቀስታ ገባሁ፤ በመስኮቱ በኩል ዞሬ ብርሃኑ ፊቴ ላይ እንዲሆን። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ባለሦስት እግሯን የጅማ በርጩማ ሳብኩና ከጉልበቷ ፊት ቁጭ አልኩ። ያቺ በርጩማ ለዚህ የተሠራች ነው የምትመስለው፤ ስትቀመጭባት ፊትሽ ከእሷ ፊት ትንሽ ዝቅ ይላል። መዳፌን ወደ ላይ አድርጌ ዘረጋሁ፤ ከፈለገች እንድትይዘው።

«እቴቴ፣ ሚጣ ነኝ። የመምህሩ ልጅ። ከአዲስ አበባ መጣሁ።»

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሬዲዮው ጠፍቷል። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ጀመረ። ሰባት ላይ እጇ መጥቶ እጄን ያዘ።

«የመምህሩ?» አለች። «ደህና ነው?»

«ደህና ነው፤ ሰላም ብሎሻል።»

«እንዲህ ዝናብ ላይ መጣሽ?»

መጣሽ አለች! ከዚያ ጥቂት ቆይታ በሟች እህቷ ስም ጠራችኝ። «አቤት» አልኳት። ማረም የማያስፈልግበት ቦታ ይህ ነው ብዬ ነው፤ እህቷም የቤት ሰው ነበረች። አጎቴ ግን ይህ እንደ መዋሸት ነው ይላል፤ ሁልጊዜ እውነቱ ይነገራት ባይ ነው። አንድ ቀን እህቷ መሞቷን ነግሯት እንደ አዲስ አለቀሰች፤ ማታ ለምን እንዳለቀሰች ረሳችው፤ ሐዘኑ ግን እስከ መኝታዋ አብሯት ነበር።

አክስቴ ሰፌዱን ቡና ሞልታ ጭኗ ላይ አደረገችላት። ጥቁሩንና የነቀዘውን በጣቷ እየለየች ወደ ዳር ትገፋለች፤ አንዱንም አትስትም። እኔን የማታውቅ ሴት ቡናውን ታውቃለች። ቀናሁ ልበል?

ቡናው እስኪፈላ አክስቴ በሰኔ ወር የሆነውን አወራችኝ። አንድ ጠዋት «እንዴት አደርሽ» ብትላት እቴቴ ዝም አለች። ሁለተኛም ዝም። «እግዚአብሔር ይመስገን» እንኳ የለም። ከትናንት ወዲያ ደህና የነበረች ሴት ቀን ትተኛለች፣ ሌሊት ግድግዳ ትዳብሳለች። ጎረቤት «በሽታው ጨመረባት፣ ምን ይደረጋል» አለ። አክስቴ ግን ስሜን ብትረሳም ሰላምታ አትረሳም ብላ ሐኪም ቤት ወሰደቻት። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሆኖ ተገኘ፤ ውሃም አንሷት ነበር። የመርሳት በሽታ በወራትና በዓመታት ነው የሚገፋው፤ በሁለት ቀን ውስጥ ሰው እንዲህ ከተለወጠ ሌላ ነገር አለ ብሏታል ሐኪሙ። ታክማ በሳምንቱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ተመለሰ።

ለካ ሰላምታዋን በከንቱ አልነበረም የምንሰማው።

ሦስተኛውን ጠጥተን ልሄድ ስነሳ እቴቴ የነጠላዋን ጫፍ ፈታች። የተጨማደደ አሥር ብር መዳፌ ውስጥ ጨምራ ጣቶቼን አጠፈችልኝ። «ለመኪና» አለች። ሳምኳት፤ በዚህ ጊዜ እሷ ጉንጯን እስክትሰጠኝ ጠብቄ።

ዣንጥላ ረስቼ ከደጅ ተመለስኩ። አምስት ደቂቃ አይሞላም። ቀና ብላ አየችኝና ለመነሳት ሞከረች።

«ይግቡ» አለች፤ «ይግቡ፣ ዝናቡ መታዎት።»

በርጩማዋን ሳብኩ።