የሙራባሃ ውሌን ሳልፈርም በፊት የመረመርኩት እንዴት ነው?

ለዳቦ ቤቴ ምድጃና የሊጥ ማቡኪያ ለማግኘት ከወለድ ነፃ አገልግሎት ከሚሰጥ ባንክ ጋር በሙራባሃ ለመገበያየት ተስማማሁ፤ ረቂቁ ውል ሲሰጠኝም ወዲያው ሳልፈርም ወደ ቤት ወሰድኩት። ሙራባሃ ብድር ሳይሆን ሽያጭ ነው፤ ባንኩ ዕቃውን ለራሱ ከገዛ በኋላ የገዛበትን ዋጋ አሳውቆኝ፣ በታወቀ ትርፍ በዱቤ ይሸጥልኛል። ስለዚህ እያንዳንዱን አንቀጽ ያነበብኩት አንድ ነጋዴ ዕቃ ሲሸጥልኝ እንደማደርገው ነው።

በውሉ ላይ የዕቃው ዋጋ 826,000 ብር ተብሎ ተጽፏል። የሻጩን ፕሮፎርማ ሳይሆን ለባንኩ የተቆረጠውን ደረሰኝ ቅጂ ጠየቅሁ። ፕሮፎርማው 800,000 ቢልም ሻጩ ለባንኩ ቅናሽ አድርጎ የተከፈለው 780,000 ነበር። ከቀሪው ውስጥ 14,000 ብር ደረሰኝ ያለው የማጓጓዣ ወጪ ሲሆን፣ 12,000 ደግሞ ባንኩ ፋይሌን ለመገምገም ያሰበው ክፍያ ነበር። ለሦስተኛ ወገን በቀጥታ የተከፈለ ወጪ ከዋጋው ጋር ይደመራል፤ የባንኩ የራሱ ሠራተኞች ሥራ ግን አይደመርም፤ ቅናሹም ለገዢው መተላለፍ አለበት። የባንኩ የሸሪዓ አማካሪ ይህን ተቀብለው ዋጋው 794,000 ሆነ።

ትርፉ የተጻፈው «12 በመቶ» ተብሎ ብቻ ነበር፤ እኔን ሊያሳስት የነበረውም ይህ ነው። ቅድሚያ 194,000 ከከፈልኩ በኋላ የሚቀረውን 600,000 በሁለት ዓመት ውስጥ በየወሩ እከፍላለሁ፤ 12 በመቶው በየዓመቱ በሙሉው 600,000 ላይ ሲሰላ ትርፉ 144,000 ብር ይሆናል። ክፍያው እየቀነሰ በሚሄደው ቀሪ ላይ ቢሰላ ግን ወደ 78,000 ገደማ ነው። ባንኩ ያሰበው የመጀመሪያውን ነበር። ትርፉ በስምምነት የሚወሰን ስለሆነ ስህተት ነው ማለት አልቻልኩም፤ ነገር ግን 144,000 ብር ተብሎ በቁርጥ እንዲጻፍና የወሩ ክፍያ 31,000 ብር መሆኑ እንዲገለጽ አስደርጌአለሁ። ሌላ ባንክ ጋር ሄጄ የማወዳደር ዕድል የነበረኝ ከዚህ በፊት እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ረጅሙ ክርክር በባለቤትነት ላይ ሆነ። ረቂቁ «ዕቃው ተረክቧል» ቢልም ምድጃው ገና ከሻጩ መጋዘን አልወጣም ነበር። ባንኩ ዕቃውን በእጁ ሳያስገባ ቢሸጥልኝ፣ በመንገድ ላይ ቢሰበር ጉዳቱ በእኔ ላይ ይወድቃል፤ ሽያጩም በሸሪዓው መሠረት አይጸናም። ስለዚህ ባንኩ በርክክብ ሰነድ ከተረከበ በኋላ በሚውል ቀን እንድንፈርም ጠየቅሁ። ሌላው አንቀጽ «የመጨረሻው ክፍያ እስኪፈጸም ባለቤትነቱ የባንኩ ነው» ይላል፤ ይህ ለኪራይ እንጂ ለሽያጭ አይሆንም። ከውይይት በኋላ ባለቤትነቱ በፊርማው ቀን ወደ እኔ እንዲዛወር፣ ባንኩ ደግሞ ማሽኖቹን በመያዣነት እንዲይዝ ተስተካከለ።

ዕቃው ከአራት ቀን በኋላ ወጣ፤ የርክክብ ሰነዱን ቀን አይቼ በማግሥቱ ፈረምኩ።